ስኳሩ፣ ሎሚውና የማይቆጠረው ውሃ

እንግሊዛዊው አድሚራል ኤድዋርድ ቨርነን እ.ኤ.አ. በ1740 በካሪቢያን ባሕር ለነበሩት መርከቦቹ አንድ ትእዛዝ አወጣ። መርከበኞቹ በየቀኑ የሚታደላቸውን ሩም እንዳለ እየጨለጡ ስለሚሰክሩ፣ ከዚያ ወዲህ ሩሙ በአራት እጥፍ ውሃ ተበርዞ እንዲሰጣቸው አዘዘ። ከስንቃቸው ቆጥበው ስኳርና ሎሚ መግዛት የቻሉ ደግሞ መጠጡን እንዲያጣፍጡበት ፈቀደ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየባሩ የሚቀዳው «ሳወር» የተባለው የኮክቴል ዘር ያኔውኑ አራቱም ነገሮች ተሟልተውለት ነበር፤ ጠንካራ መጠጥ፣ ሎሚ፣ ስኳር እና ውሃ።

ከአራቱ የመጨረሻው ዛሬ በአብዛኞቹ የአሠራር ጽሑፎች ላይ አይታይም። ይህን ያህል ሩም፣ ይህን ያህል ሎሚ፣ ይህን ያህል ሽሮፕ ይላሉ፤ ከዚያ «ከበረዶ ጋር ይናጥ» ብለው ያልፋሉ። ውሃው ግን አልቀረም፤ በበረዶው በኩል ይገባል። በደንብ ከተሠራ አንድ ብርጭቆ ሳወር ውስጥ ሲሶው ያህል ከቀለጠ በረዶ የመጣ ውሃ ነው። ቤቱ ኮክቴል ሞክሮ «ባር ቤት እንደቀመስኩት አልሆነም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሎሚውንና ስኳሩን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ያልለካው ውሃ ሊሆን ይችላል።

ነገሩን ለማየት ከሳወሮች ሁሉ ቀላሉን እንውሰድ፤ ዳይኪሪን። ነጭ ሩም፣ የሎሚ ጭማቂና ስኳር ብቻ ስለሆነ ስህተት የሚሸሸግበት ቦታ የለውም። ስሙን ያገኘው በኩባ ከሳንቲያጎ ከተማ ብዙም ከማይርቀው ዳይኪሪ ከሚባለው ስፍራ ነው። በአካባቢው የብረት ማዕድን ይወጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1898 በስፔንና በአሜሪካ ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ወታደሮች ከመርከብ የወረዱትም እዚያው ነው። መጠጡን ፈጠረው የሚባለው በማዕድኑ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው መሐንዲስ ጄኒንግስ ኮክስ ነው። በኮክስ ስም ተጠብቆ የቆየው ለስድስት ሰው የሚሆን አሠራር የስድስት ሎሚ ጭማቂ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ስድስት ስኒ ሩምና ብዙ የተፈጨ በረዶ ይላል። ከእነዚህ ጋር ደግሞ ሁለት ትንንሽ ስኒ የማዕድን ውሃ ይጠይቃል። ውሃው በግልጽ ተጽፏል ማለት ነው።

ለእኛ አንባቢ አንድ መልካም ዜና አለ። የኩባው ሎሚ በአውሮፓና በአሜሪካ ሱቆች የሚሸጠው ትልቁና ፍሬ አልባው አረንጓዴ ሎሚ ሳይሆን፣ ትንሿ፣ ክቧ፣ ቀጭን ልጣጭ ያላትና ፍሬ የሞላባት ሎሚ ናት። እዚህ በየጉልቱ በመደብ የምትሸጠዋ ሎሚም ከዚያው ዓይነት ናት። ስለዚህ ዳይኪሪ ለመሥራት የውጭ ሎሚ ፍለጋ መሄድ አያሻም።

አሁን ወደ መጠኑ እንግባ። ለአንድ ሰው 40 በመቶ አልኮል ያለው ነጭ ሩም 60 ሚሊ ሊትር፣ የሎሚ ጭማቂ 22.5 ሚሊ ሊትር፣ የስኳር ሽሮፕ 22.5 ሚሊ ሊትር እንያዝ። ብዙ ባርማኖች ዛሬ የሚነሡት ከዚህ ነው። ግማሽ ሚሊ ሊትር የሚለይ መለኪያ ከሌለ ትንሽ የመድኃኒት ስሪንጅ ከየትኛውም የባር ዕቃ ይበልጣል።

ሽሮፑ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙው ስህተት የሚጀምረው ከእሱ ነው። እዚህ የተባለው እኩል በእኩል ሽሮፕ ነው፤ 200 ግራም ስኳር በ200 ግራም ውሃ፣ በሚዛን ተመዝኖ። ስኳሩ እስኪሟሟ ሞቅ ባለ ውሃ ማማሰል ይበቃል። መፍላት የለበትም፤ ከፈላ ውሃው እየተነነ ሽሮፑ ይወፍራል። በሚዛን ፈንታ በኩባያ የሚለካ ሰው ሳያውቀው ሌላ ሽሮፕ ይሠራል። አንድ ኩባያ ስኳር ከአንድ ኩባያ ውሃ ይቀላልና፣ ሽሮፑ ግማሹ ስኳር መሆኑ ቀርቶ 45 በመቶ አካባቢ ይሆናል። በተቃራኒው አንዳንድ ባሮች ሁለት እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውሃ የተሠራ ወፍራም ሽሮፕ ይጠቀማሉ። ይህን ወፍራም ሽሮፕ 22.5 ሚሊ ሊትር ያደረገ ሰው ከታሰበው በግማሽ ያህል የሚበልጥ ስኳር ጨምሯል ማለት ነው፤ መጠኑ ወደ 15 ሚሊ ሊትር መውረድ ነበረበት። ሁለት ሰዎች አንዱን ጽሑፍ ተከትለው አንዱ «ጣፈጠብኝ»፣ ሌላው «ጎመዘዘብኝ» የሚሉበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሎሚው በተራው ከጭማቂው 6 በመቶ ያህሉ አሲድ ነው። አብዛኛው ሲትሪክ አሲድ ሲሆን የቀረው ማሊክ የሚባለው ነው፤ ማሊክ አሲድ ፖም ውስጥም ይገኛል። ይህ ቁጥር እንደ ስኳሩ የተረጋጋ አይደለም። በዛፉ ላይ የቆየችና የበሰለች ቢጫ ሎሚ ከለጋዋ አረንጓዴ ትለያለች፤ ዝናብና በጋም ይለያያሉ። ስለዚህ ሽሮፑን አንዴ በትክክል ሠርቶ ቋሚ አድርጎ መያዝና ሎሚውን በየጊዜው እየቀመሱ ማስተካከል ይሻላል። ጭማቂው በዕለቱ መጨመቅ አለበት። ያደረ ጭማቂ ኮምጣጣነቱን ባያጣም ትኩስ ሽታው ይጠፋና መራራ ቅሬታ ይተካበታል። ሲጨመቅም ልጣጩን አጥብቆ መጠምዘዝ መራራ ዘይቱን ያወጣል፤ ፍሬና ቃጫው ደግሞ በወንፊት መጠለል አለበት።

ስኳሩንና አሲዱን በግራም ስናየው ሚዛኑ ምን እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። 22.5 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ውስጥ ወደ 14 ግራም የሚጠጋ ስኳር አለ። 22.5 ሚሊ ሊትር ሎሚ ውስጥ ደግሞ ወደ 1.35 ግራም አሲድ። ስኳሩ ከአሲዱ አሥር እጥፍ ያህል ነው ማለት ነው። ምላስ ኮምጣጣን በትንሽ መጠን ስለሚያውቀው፣ እኩል ሆነው እንዲሰሙ ስኳሩ ይህን ያህል መብለጥ አለበት። ሁሉም ሰው ግን በዚህ አይስማማም። አሜሪካዊው ዴቪድ ኤምበሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው የመጠጥ መጽሐፍ ለሳወር የመረጠው ስምንት እጅ መጠጥ፣ ሁለት እጅ ሎሚና አንድ እጅ ሽሮፕ ነው። በእሱ ልክ 60 ሚሊ ሊትር ሩም የሚያገኘው 15 ሚሊ ሊትር ሎሚና 7.5 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ብቻ ነው። ሽሮፑ የወፈረ ቢሆንም እንኳ መጠጡ ጠንካራና ጎምዛዛ ይሆናል። ኤምበሪ ጣፋጭ ኮክቴል አይወድም ነበር፤ ሰዎች የየራሳቸውን ልክ እንዲያገኙ ግን ቦታ ሰጥቷል።

እስካሁን ያልነው ስለ ጣፋጭና ስለ ጎምዛዛ ነው። ሦስቱን ቀላቅለው በረዶ ሳይነካቸው ቢቀምሷቸው ግን አይወዷቸውም። 105 ሚሊ ሊትር የሆነው ውሁድ 23 በመቶ ያህል አልኮል አለው፤ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ይጣፍጣል፣ ደግሞም ይጎመዝዛል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ። ይህ ጥፋት አይደለም፤ መሆን ያለበት እንደዚያ ነው። ሞቅ ያለው፣ ያልተበረዘው ውሁድ ጥሩ ሆኖ ከተሰማዎት ሥራው ሲያልቅ ቀጭንና ባዶ ይሆናል። ጀማሪ ባርማን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሳይናጥ ቀምሶ «ከረረ» ይልና ያለዝበዋል፤ በረዶው ደግሞ በተራው ሲያለዝበው የሚቀርበው መጠጥ የሎሚ ውሃ ይሆናል።

በረዶው የሚሠራው ምንድን ነው? አንድ ግራም በረዶ ሲቀልጥ፣ 80 ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ የሚበቃ ሙቀት ይስባል። መጠጡን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት ይህ መቅለጥ ነው እንጂ የበረዶው ቅዝቃዜ ብቻውን አይደለም። ስለዚህ መቀዝቀዝና መበረዝ የማይነጣጠሉ ናቸው፤ ሳይቀጥን የሚቀዘቅዝ የተናጠ መጠጥ የለም። አልኮልና ስኳር ያለበት ፈሳሽ በዜሮ ዲግሪ ስለማይረጋ፣ በረዶው ከዜሮ በታችም መቅለጡን ይቀጥላል። በደንብ የተናጠ ዳይኪሪ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል።

የእኛን ውሁድ በበረዶ በተሞላ የብረት ሼከር ለ12 ሰከንድ ያህል አጥብቀን ብንንጠው 50 ሚሊ ሊትር አካባቢ ውሃ ይገባበታል። 105 የነበረው ወደ 155 ሚሊ ሊትር ያድጋል። አልኮሉ ከ23 በመቶ ወደ 15 በመቶ ገደማ ይወርዳል፣ ስኳሩ 9 በመቶ ያህል፣ አሲዱ ከ1 በመቶ ትንሽ ያነሰ ይሆናል። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ሲገናኙ ነው ሩሙ ሳያቃጥል ሽታው የሚወጣው፣ ስኳሩ ሳይወለድል የሚታወቀው፣ ሎሚውም አፍ የሚያነቃው። እዚህ ከደረሰ በኋላ ተጨማሪ 5 ሰከንድ መናጥ ብዙም አይለውጠውም። መጠጡና በረዶው ተመሳሳይ ቅዝቃዜ ላይ ሲደርሱ የሚሳበው ሙቀት ይቀንሳልና መቅለጡም ይዘገያል። ስለዚህ ከመጠን በላይ መናጥ የሚፈራውን ያህል አደገኛ አይደለም፤ አደገኛው ለሦስትና ለአራት ሰከንድ አንቀጥቅጦ መተው ነው።

ቤት ውስጥ የወጥ ቤት ሚዛን ያለው ሰው ይህን በራሱ ማየት ይችላል። ከመናጡ በፊት ሦስቱ ተቀላቅለው 108 ግራም ያህል ይመዝናሉ። ከተናጠና ከተጠለለ በኋላ ብርጭቆው ውስጥ የገባው ከ150 እስከ 160 ግራም ከሆነ መልካም ነው። 130 ግራም ብቻ ከሆነ አልተናጠም፤ ወይም በረዶው ጥቂት ነበር። ከ170 ካለፈ በረዶው ከመጀመሪያውም ውሃ ለብሶ ነበር ማለት ነው። ከፍሪጅ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ የቆየ በረዶ ላዩ እርጥብ ስለሆነ፣ ገና ሳያቀዘቅዝ የተሸከመውን ውሃ ወደ መጠጡ ያፈሳል። መፍትሔው በረዶውን በመጨረሻ ሰዓት ማውጣትና ላዩ ላይ ያለውን ውሃ በወንፊት አራግፎ ማፍሰስ ነው። ሼከር የሌለው ሰው ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ብረት ወይም ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ይጠቀም። ወፍራም የመስታወት ጠርሙስ ራሱ ለመቀዝቀዝ ብዙ በረዶ ስለሚያቀልጥ መጠጡን ያቀጥናል፤ በበረዶ ሲመታም ሊሰበር ይችላል።

መጠጡ ተሠርቶ ሲቀመስ የማይጥም ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ የተበላሸው በጣፋጩና በጎምዛዛው መካከል ያለው ሚዛን ነው ወይስ የሁሉም ብርታት? ሁለቱ የተለያዩ ሕመሞች ስለሆኑ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ወጥ ሲቀጥን ጨውም በርበሬም አብሮ እንደሚቀጥን ሁሉ፣ ውሃ ስኳሩንም ሎሚውንም ሩሙንም እኩል ያለዝባል እንጂ አንዱን ከሌላው አያስታርቅም። የጎመዘዘን ሳወር በውሃ ላስተካክል የሚል ሰው የሚያገኘው ቀጭንና አሁንም የጎመዘዘ መጠጥ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ይለዩት። የሩሙ ሽታ ሞልቶ እያለ ጥርስ የሚያፍዝ ጎምዛዛነት ካለው የጎደለው ሽሮፕ ነው፤ 3 ሚሊ ሊትር ጨምረው ቀላቅለው እንደገና ይቅመሱ። መጀመሪያ ሲጎነጩት ደስ ብሎ ከዋጡ በኋላ ከንፈርና ምላስ ላይ የሚጣበቅ ጣፋጭ ከቀረ ሎሚው አንሷል፤ በዚያው መጠን ሎሚ ይጨምሩ። ጣፋጩና ጎምዛዛው ተስማምተው ሳሉ መጠጡ ከበድ ብሎ ጉሮሮ የሚያቃጥል ከሆነ ችግሩ የውሃ ማነስ ነው፤ ከበረዶ ጋር መልሰው ለጥቂት ሰከንድ ይናጡት። ተስማምተው ግን ሁሉም ሩቅ ሆኖ ከተሰማ፣ መጠጡ ያለ አካል ከሆነ፣ ውሃ በዝቷል። ይኸኛው አይመለስም፤ ስኳር ቢጨመር መጣፈጥ ብቻ፣ ሩም ቢጨመር ማቃጠል ብቻ ነው። የሚሻለው በደረቅ በረዶና በደንብ በተሞላ ሼከር አዲስ መሥራት ነው።

መቅመሱ ግን መጠጡ ቀዝቅዞ ሳለ መሆን አለበት። ቅዝቃዜ የጣፋጭን ስሜት ያደበዝዛል፤ ጎምዛዛውን የሚነካው ግን በትንሹ ነው። ከሼከር እንደወጣ የተመጣጠነው ዳይኪሪ በብርጭቆ ውስጥ እየሞቀ ሲሄድ ስኳሩ ሳይጨመርበት ይበልጥ ይጣፍጣል። ለዚህ ነው ዳይኪሪ በትንሽና ቀድሞ በቀዘቀዘ ብርጭቆ ያለ በረዶ የሚቀርበው፤ በረዶ ቢቀርበት መቅጠኑ ያቆማል፣ ብርጭቆው ከቀዘቀዘ ደግሞ መሞቁ ይዘገያል። በበረዶ ላይ የሚቀርቡት ማርጋሪታና ውስኪ ሳወር ግን ጠረጴዛ ላይም መቀጠናቸውን ይቀጥላሉ። እነዚህን ከዳይኪሪ በትንሹ ጠንከር አድርጎ መጀመርና ትልልቅ በረዶ መጠቀም ያስፈልጋል።

ልኩ ከተያዘ በኋላ ቅመሙን መለወጥ ይቻላል፤ ግን በሒሳብ ነው። በስኳር ፈንታ ማር የሚወድ ሰው ማሩን እንዳለ ሼከር ውስጥ ቢያደርገው ከበረዶ ጋር ተጋግሮ ታች ይቀራል። ማር ራሱ 80 በመቶ ያህል ስኳር ስለሆነ፣ 100 ግራም ማር በ60 ግራም ሙቅ ውሃ ቢበረዝ ከእኩል በእኩል ሽሮፕ ጋር የሚተካከል ይሆናል፤ በ22.5 ሚሊ ሊትሩ ቦታም ይገባል። ከሩም ይልቅ ጂን ቢመርጡ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የአልኮል መጠን ይመልከቱ፤ 40 በመቶ ከሆነ ምንም መቀየር አያስፈልግም። የቤት አረቄ ግን ለዚህ ሥራ አይመችም። ብርታቱ ከአንዱ ማሰሮ ወደ ሌላው ስለሚለያይና ስላልተለካ፣ ሎሚና ስኳሩን ማመዛዘን የሚቻልበት መነሻ የለውም።

በመጨረሻም በደንብ የተመጣጠነ ሳወር አንድ ነገር እንደሚደብቅ ማወቅ ይገባል። ስኳሩ፣ ሎሚው፣ ውሃውና ቅዝቃዜው ተባብረው የአልኮሉን ማቃጠል ያጠፉታል፤ አልኮሉ ግን የትም አልሄደም። በዚህ ብርጭቆ ውስጥ 24 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ፤ 5 በመቶ አልኮል ካለው የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ አንድ ተኩል ያህል ማለት ነው። ቢራው ሆድ ሞልቶ ያስቆማል፤ ዳይኪሪው በአምስት ጉንጭ ያልቃል። ስለዚህ አንዱን ቀስ ብለው ይጠጡ፣ አጠገቡ ውሃ ያስቀምጡ፤ መኪና የሚነዱ ከሆነም ሎሚውንና ሽሮፑን ያለ ሩም በቀዝቃዛ ውሃ በርዘው ይጠጡት።